«ብዙ ያወጣሉ፣ ስለዚህ ደህና ናቸው»

ለገንዘብ ድጎማ ቤተሰብ የሚለዩ አዳዲስ ሠራተኞች ቅጽ ሞልተው ሲመለሱ አንድ ስህተት ሁሌም አይጠፋም። የቤቱን ወጪ ይደምራሉ፣ በሰው ቁጥር ያካፍላሉ፣ ከድህነት መስመሩ በላይ ከሆነ ይሰርዙታል። አካል ጉዳተኛ ያለበትን ቤትም እንዲሁ! እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል።

እስቲ ገንዘቡን በነጥብ እናስላው። መስመሩ ለአንድ ሰው በወር 100 ነጥብ ነው እንበል። አራት ሰው ያለበት ቤት 440 ያወጣል። ለአንድ ሰው 110 ይደርሳል፣ ስለዚህ «አይገባቸውም» ተባለ።

አሁን ወጪውን ዘርዝሩት። ትንሿ ልጅ መራመድ አትችልም። አውቶቡስ ተሽከርካሪ ወንበሯን ስለማይጭን ለሕክምና የምትሄደው በታክሲ ብቻ ነው፤ 50 ነጥብ። ዳይፐር 30። የወንበሩ ጥገና 10። ይህ 90 ነጥብ ጎረቤት ቤት የለም። እሱን ስትቀንሱ 350 ይቀራል፣ ለአንድ ሰው 87 ከግማሽ። ቤቱ ከመስመሩ በታች ነው። እኛ ግን ዳይፐሩን እንደ ድሎት ቆጠርንባቸው። እናትየው ልጅቷን ለመንከባከብ ስትል የተወችው ሥራማ ጭራሽ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ጉዳቱ ድርብ ነው ያለው ለዚህ ነው፦ ገቢ ማግኘት ይከብዳል፣ የተገኘውም ገቢ የሌላውን ያህል ኑሮ አይገዛም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ስህተት ደግሞ እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ማየት የተሳናቸው አንድ አዛውንት ቤት ገብቼ «ተጨማሪ ወጪ፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ ምንም አያወጡም ነበር። ነጭ በትር የላቸውም፣ የሚመራቸው ሰው የለም፣ ከቤት ከወጡ ወራት አልፏል። ዜሮው የሚያሳየው ያላገኙትን ነገር እንጂ የማያስፈልጋቸውን አልነበረም። አሁን «ምን ያወጣሉ?» ካልኩ በኋላ «ምን ቢያገኙ ከቤት ይወጡ ነበር?» እላለሁ።

«ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ብላችሁም አትጠይቁ። ብዙ ሰው ያፍራል፣ ወይም «እርጅና ነው እንጂ» ይላል። የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን፣ የዋሽንግተን ግሩፕ፣ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉት፦ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና መግባባት። «መነጽር ቢያደርጉም ማየት ያስቸግርዎታል?» ዓይነት ናቸው። ከአራቱ መልሶች «በጣም ያስቸግረኛል» ወይም «ጭራሽ አልችልም» ካሉ ትመዘግባላችሁ። ለልጆች ግን የተለየ መጠይቅ ስላለው ይህንኑ አትጠቀሙ።

የክፍያ ቦታው ፎቅ ላይ ነው? እንግዲያው መውጣት ለማይችል ሰው ገንዘቡን የሚቀበልለት ተወካይ መመዝገቡን አትርሱ። ተወካዩ ለድካሙ ስንት እንደሚያስቀርም ተቀባዩን ለብቻው ጠይቁት።