የዕቁብ ዕጣ ሲገዙ የሚከፍሉትን ወለድ እንዴት ማስላት ይቻላል

ዕቁብ ላይ ወለድ የሚለው ቃል አይነሳም። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ይወስዳል። እኩል ያልሆነው ገንዘቡ እጅ የሚገባበት ቀን ነው፤ ወለዱም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ዐሥር ሰዎች በወር 1,000 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ እንውሰድ። በየወሩ 10,000 ብር ይወጣል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሚጻፈው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ከተቀበለው ውስጥ የራሱ ስንት፣ የሌሎች ስንት እንደሆነ ነው። በአንደኛው ወር የደረሰው ሰው የራሱ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው 9,000 ብር ዘጠኝ ወር እየጣለ የሚመልሰው ብድር ነው። በአምስተኛው ወር የደረሰው ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ ብድር ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ ግን የተቀበለው በሙሉ የራሱ ገንዘብ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሌሎቹን ያለ ወለድ ሲያበድር ቆይቷል።

እንዲያም ሆኖ የመጨረሻው ሰው ተጎዳ ለማለት አልቸኩልም። ብቻውን ቢያጠራቅምም 10,000 ብር የሚሞላለት በዐሥረኛው ወር ነበር። ቤዝሊ፣ ኮትና ላውሪ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ1993 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተሙት ጥናት የዕቁብን ጥቅም ያስረዱት በዚሁ መንገድ ነው፦ ከመጨረሻው ሰው በቀር ሁሉም ብቻውን ቢያጠራቅም ከሚደርስበት ቀን ቀድሞ ያገኛል።

ወለዱ በግልጽ የሚታየው ዕጣ ሲሸጥ ነው። በሁለተኛው ወር ዕጣ ለአንዱ ወጣለት እንበል። አጠገቡ የተቀመጠች፣ ገንዘብ በአስቸኳይ የቸገራት አባል ጠጋ ብላ «ዕጣህን ሽጥልኝ፣ 600 ብር እሰጥሃለሁ» ትለዋለች። ቢስማማ እርሷ 600 ብሩን ለእርሱ ሰጥታ 9,400 ብር ይዛ ትሄዳለች፤ እርሱ ደግሞ በእርሷ ቦታ ወደ ዕጣው ይመለሳል።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። 600ን የምናካፍለው ለ10,000 ሳይሆን እጇ ለገባው ለ9,400 ነው፤ 6.4 በመቶ ይሆናል። ይህ ግን ገና ወለድ አይደለም፣ ምክንያቱም ስንት ወር እንደቀደመች አላወቅንም። ዕጣው ባይሸጥላት ኖሮ ከሦስተኛው እስከ ዐሥረኛው ወር ባለው በአንዱ ይደርሳት ነበር። የሚጠበቀውን አማካይ ጊዜ ለማግኘት በቀሩት ዕጣዎች ብዛት ላይ አንድ ጨምሮ ለሁለት ማካፈል ይበቃል፦ ስምንት ዕጣ ስለቀረ ዘጠኝ ሲካፈል ለሁለት፣ አራት ወር ተኩል። 6.4 በመቶ ለ4.5 ሲካፈል በወር 1.4 በመቶ ገደማ፣ በዓመት ወደ 17 በመቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። የዚያኑ ዕቁብ ዕጣ በስድስተኛው ወርም በ600 ብር የሚገዛ አለ፤ ዋጋው የተለመደ ነውና። ያን ጊዜ የቀሩት አራት ዕጣዎች ስለሆኑ አማካዩ ሁለት ወር ተኩል ነው፤ ወለዱም በወር ወደ 2.6 በመቶ ይወጣል። በዘጠነኛው ወር ከሆነ አንድ ወር ብቻ ለመቅደም 6.4 በመቶ ከፈለ ማለት ነው። ሌላ ቦታ በወር 1.5 በመቶ ብድር የሚያገኝ ሰው በሁለተኛው ወር እስከ 630 ብር ገደማ ቢከፍል አይጎዳም፤ በዘጠነኛው ወር ግን ከ150 ብር በላይ መክፈል አይገባውም። የዕጣ ዋጋ ዕቁቡ ወደ ማለቂያው በተጠጋ ቁጥር መውረድ አለበት።

ለዳኛው የሚቆረጠውም ይታሰብ። ከየዕጣው 200 ብር የሚቀነስ ከሆነ የመጀመሪያው ባለዕጣ በወር ግማሽ በመቶ የማይሞላ ወለድ ከፈለ ይባላል፤ የመጨረሻው ግን 10,000 ጥሎ 9,800 ይወስዳል። የገንዘብ የመግዛት አቅም ሲወርድም ይበልጥ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ሻጩ ከዋጋው በፊት ማየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሌላው ሁሉ በላይ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው፣ ከባድ ችግር ላይ ያለ ወይም ከወሰደ በኋላ መጣሉን የሚያቆም ሊሆን ይችላል። ቀድሞ አንድ ሁለት ጊዜ ያዘገየ ከሆነ ምልክቱ ይበረታል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ዕጣ የሚገዛ ሰው ዋስ ሲጠራ ዋሱ የሚፈርመው በቀሪዎቹ ስምንት ወራት ለሚጣለው 8,000 ብር ነው እንጂ ለወሩ መዋጮ አይደለም። ሻጩም ብሩ ከመቆጠሩ በፊት ዕጣው ለማን እንደተላለፈና እርሱ በማን ቦታ እንደተመለሰ በጸሐፊው መዝገብ ላይ ሲሰፍር ቆሞ ይይ።