ዳታ ኢንኮደር ናችሁ? ደረሰኝ ከማስገባት ወደ ማጣራት እንዴት ይታለፋል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆነች ልጅ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዳታ ኢንኮደር ናት። ቀኑን ሙሉ የአቅራቢ ደረሰኝ ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች። በቅርቡ መሥሪያ ቤቷ ደረሰኝ ከፎቶ አንብቦ የሚመዘግብ ፕሮግራም ገዛ። ማታ መጥታ «ሊያሰናብቱኝ ነው» አለችኝ። አብረን ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የአንድ ሳምንት ሥራዋን ከነፈጀው ደቂቃ ደብተር ላይ ጻፈች። «ዳታ አስገባሁ» ብሎ በጅምላ መጻፍ አይጠቅምም። «ቲን ቁጥሩ ስለማይነበብ አቅራቢው ጋ ደወልኩ» ተብሎ ይጻፍ። ሳምንቱ ሲያልቅ ፕሮግራሙ የሚወስደው ጽሕፈቱን እንደሆነ፣ ያልተጣጣመውን ማግኘትና መፍታት ግን እሷ ዘንድ እንደሚቀር ገባን።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ የት እንደሚስት ማደን ነው። በየቀኑ ሃያ ደረሰኝ አውጥታ ከተመዘገበው ጋር አስተያየች። ቶሎ የታየው የቀን ስህተት ነው። ደረሰኙ ላይ 5/1/2018 ሲል መስከረም 5 ነው፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025። ፕሮግራሙ ግን ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 ብሎ መዘገበው። ዕቃው ከሰባት ዓመት በፊት የተገዛ መሰለ፣ ከወሩ ሪፖርትም ወጣ።

ሁለተኛው ቫት ነው። ጠቅላላው 11,500 ብር የሆነ ደረሰኝ 15 በመቶ ቫት በውስጡ አለ፦ 10,000 ዋጋ፣ 1,500 ቫት። ፕሮግራሙ 11,500ን እንደ ዋጋ ወስዶ 1,725 ብር ቫት አሰበ። እንዲህ ያለውን ኤክሴል ላይ መያዝ ቀላል ነው። C2 ወረቀቱ ላይ ያለው ጠቅላላ፣ D2 የተመዘገበው ቫት ይሁን፦

```
=ROUND(D2-C2/1.15*0.15,2)
```

ዜሮ ከመጣ ቫቱ ልክ ነው። እዚህ 225 ይመጣል፣ ስለዚህ ወረቀቱ እንደገና ይታይ። ቫት የሌለበት ዕቃም ልዩነት ስለሚያሳይ ወረቀቱን ሳታዩ አታርሙ። የመሥሪያ ቤቱን ደረሰኝ ደግሞ ለሙከራ ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ያለ ነፃ መተግበሪያ ውስጥ አታስገቡ፤ የሰው ሒሳብ ነው።

ከዚያ ስህተቶቹ በአንድ ገጽ ተጠቃለሉ፦ ምን ተሳሳተ፣ ስንት ጊዜ፣ እንዴት ተያዘ። ገጹን ለሒሳብ ኃላፊዋ ይዛ ገባች። «አታባርሩኝ» አላለችም፤ ከወር መዝጊያው በፊት ማጣራቱ ለእሷ እንዲሰጥ ጠየቀች። ኃላፊው ለሦስት ወር ሞክሪው አላት።

ሦስት ሰው ሲያስገባ የነበረውን ግን አንድ ሰው ሊያጣራው ይችላል። ቦታው ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠይቁ። እሷም ሌላ ቦታ ብትሄድ የሚያሳይላት ወረቀት እንዲኖራት በሒሳብ የሲኦሲ ፈተና ለመቀመጥ ማታ ማታ እያጠናች ነው። አሁን የያዘችው የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን ነው።