ለቅሶ ቤት ስንገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለቅሶ ቤት የሚፈልገው ንግግር አጭር ነው። ሲገቡ ዝም፣ ሲነሡ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»። ቤተሰቡም «ክፉ አይንካችሁ» ብሎ ይመልሳል። ስህተቱ የሚመጣው በሁለቱ መካከል ነው። ዝምታው ይከብደንና የሆነ ነገር ለማለት እንቸኩላለን። ያ በችኮላ የወጣ ቃል ደግሞ ሐዘንተኛው ጆሮ ውስጥ ለዓመታት ይቀራል።

እዚህ የማነሣው በከተማ፣ በተለይ በአዲስ አበባ፣ የእድር ድንኳን ተጥሎ ሰው በሚቀመጥበት ለቅሶ ላይ የማያቸውን ነው። የገጠሩ ወግ በብዙ ነገር ይለያል።

እንደ ዘወትሩ ሰላም ማለት

የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው። እንደምን ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው እያልን እንቀጥላለን። ሳናስበው ከአፋችን ስለሚወጣ ድንኳን በር ላይም ያመልጠናል። ትናንት ባሏን ቀብራ ፍራሽ ላይ የተቀመጠች ሴት «ደህና ነሽ?» ስትባል ምን ትመልስ? ብዙዎቹ ከይሉኝታ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። እንዲህ ያለ መልስ ባናስወጣቸው ይሻላል።

ስንገባ ቤተሰቡ ወደተቀመጠበት ዞር ብሎ ጎንበስ ማለት ይበቃል። ቃል ካስፈለገ በዝግታ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ነው። አንድ ሰው ብቻ ፊታችን ቢኖርም በብዙ ቁጥር ማለቱ ጥሩ ነው፤ ሐዘኑ የቤቱ ሁሉ ነውና። ለብቻቸው የምናናግራቸው ትልቅ ሰው ከሆኑ «ያጥናዎት» እንላለን። ከዚያ ክፍት ቦታ ፈልጎ መቀመጥ ነው። ድንኳኑን እየዞሩ የሚያውቁትን ሁሉ መጨበጥና መሳም፣ ከቆየ ወዳጅ ጋር «ጠፋህ እኮ!» መባባል የሠርግ ቤት ነገር ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መጠየቅ

ከሁሉም ስህተት ይህ የሚብስ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራውም እሱ ነው። ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። ተጨንቆ ነው፣ ነገሩም ድንገት ሆኖበታል። ግን ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ብዙ ነው። እያንዳንዱ «ታሞ ነበር እንዴ?» ካለ፣ ልጅየው የአባቱን የመጨረሻ ሌሊት ቀኑን ሙሉ ሲደግም ይውላል።

ጥያቄው በአንድ አይቆምም ደግሞ። «የት ሆስፒታል ነበር?» ይመጣል። ቀጥሎ «ለምን ወደ ሌላ አልወሰዳችሁትም?» ይመጣል። ይህኛው ሲሰማ እንደ ክስ ነው። ሐዘንተኛው ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያስብ ያደረ ሰው ነው። በድንገተኛ አደጋ፣ ወይም ቤተሰቡ መናገር በማይፈልገው ምክንያት የሞተ ከሆነ ደግሞ ሰው ፊት እንዲዋሹ እናስገድዳቸዋለን።

ማወቅ ካስፈለገን ከድንኳኑ ውጭ የቆመ የእድር ሰው ወይም ጎረቤት አለ። ድምፅን ዝቅ አድርጎ እሱን መጠየቅ ይቻላል። እግረ መንገዱንም ከሟች ጋር ማን ምን እንደሚሆን፣ ባለቤቱ የት እንደተቀመጡ፣ ያልተረዳ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን ይነግረናል። የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የታመሙ እናት ጓዳ ተኝተው፣ መርዶው ገና ያልተነገራቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ለማጽናናት ብሎ ሐዘኑን ማሳነስ

«ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት።» «ከሥቃይ ተገላገሉ፣ እናንተም ዐረፋችሁ።» «ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ።» «አንተ እኮ ወንድ ነህ፣ በርታ እንጂ!» እነዚህን የሚናገሩት ደግ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ግን ለሐዘንተኛው «ሐዘንህ በዝቷል» ይሉታል። የሰማንያ ዓመት እናቱን ያጣ ሰው ያጣው እናቱን ነው። አልጋ ላይ የዋሉ አባቷን ለዓመታት ያስታመመች ልጅ «ዐረፍሽ» ስትባል የምትሰማው ሸክም ነበሩብሽ የሚል ነው። ልጅ ለሞተባት እናት ስለሚቀጥለው ልጅ ማውራት ደግሞ ጨርሶ መባል የሌለበት ነው።

«አታልቅሽ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የቅርብ ዘመድ እጇን ይዞ «በቃ፣ በቃ» ቢላት ጉልበቷን አይቶ፣ እንዳትወድቅ ፈርቶ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲለው ትእዛዝ ይሆናል። ቃል ከጠፋን «ምን ይባላል» ብሎ አጠገቧ ዝም ማለት ክብር አለው። ስለ ሟች የምናውቀው እውነተኛ መልካም ነገር ካለ፣ ጨዋታው ወደዚያ ሲመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ደስ ይላቸዋል። «ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ» እንደማለት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ውርሱ፣ ስለ ዕዳው ግን እዚያ ቦታ ላይ አንድም ቃል አይነሣም።

የቤቱን እምነት ሳያውቁ መናገር

በኦርቶዶክሱ ቤት «ነፍስ ይማር»፣ «ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» ማለት የተለመደ ነው፤ ለሟች ነፍስ ጸሎትና ፍትሐት አለ። በፕሮቴስታንቱ ቤት ለሞተ ሰው ነፍስ አይጸለይም። ስለዚህ «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል ቅር ሊያሰኝ ይችላል። እዚያ ጸሎቱ ለቀሩት ነው፤ «ጌታ ያጽናናችሁ» ይባላል። በሙስሊሙ ቤት «አላህ ይዘንለት»፣ «ሶብሩን ይስጣችሁ» ማለት ይቻላል። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማልቀስና ፊት መቧጨር በሃይማኖቱ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሌላ ሰፈር እንደለመድነው እየጮኹ መግባት ቤተሰቡን ያስጨንቃል። ሐዘን መቀመጡም በአብዛኛው ሦስት ቀን ነው፤ የሟች ሚስት ብቻ አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቀመጣለች። ስለዚህ ቶሎ መሄድ ይገባል።

እምነቱን ካላወቅን «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ወይም «ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣችሁ» ማንንም አያስቀይምም።

የተረጋጋውን ቤት እንደገና ማስለቀስ

ይህ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ልክ የሚሆንበት ጊዜም አለና። ከሩቅ አገር የመጣ እህት ወይም ወንድም በር ላይ ሲደርስ ጮኾ ያለቅሳል፤ ቤተሰቡም ተነሥቶ ዐብሮት ያለቅሳል። ያንን ማንም አይነቅፍም። በብዙ የገጠር አካባቢዎችም ለቅሶ ዝም ብሎ መግባት ለሟቹ ደንታ እንደሌለው ያስቆጥራል።

ስህተቱ ሟችን በደንብ የማያውቅ ሰው ለወጉ ሲል ሲጮኽ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ሠልስት ወጥቶ ቤተሰቡ ትንሽ እህል ቀምሶ፣ ማረፍ ሲጀምር አንድ የሩቅ ጎረቤት እየጮኸች ትገባለች። ልጆቹ ይነሣሉ፣ እናት ራሷን ትስታለች፣ ውሃ አምጡ ይባላል። ከመግባታችን በፊት በር ላይ ትንሽ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ውስጥ ለቅሶ ካለ ዕንባችን ከዕንባቸው ጋር ይቀላቀላል። ጸጥ ካለ በጸጥታ እንገባለን።

ዝምታውን ቶሎ መስበር

አንድ የሥራ ባልደረባችን አባቱ ሞቱ እንበል። አራት ሆነን በማግስቱ ከሥራ በኋላ ለመሄድ ተቀጣጠርን። ጥሩው አካሄድ እንዲህ ነው። ከድንኳኑ ራቅ ብለን እንገናኛለን፤ ስልካችንን ድምፅ እናጠፋለን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይለብሳሉ። ከመካከላችን በዕድሜ ከፍ የሚለው ሰው ቀድሞ ይገባል። ጎንበስ ብለን እንቀመጣለን። ባልደረባችን ቀና ብሎ ካየን በዐይን ሰላም እንላለን፤ ተነሥቶ እንዲመጣ ምልክት አንሰጥም።

አሁን አስቸጋሪዎቹ ደቂቃዎች ይመጣሉ። ማንም አያወራም። አንዱ ስለ መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ማንሣት ያምረዋል፣ ሌላው ስልኩን ያወጣል። ሁለቱም መታገሥ አለባቸው። ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ከዝምታ ጋር መቀመጥ ይቻላል። ባልደረባችን ራሱ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገባችን ይቀመጥና «ሐሙስ ማታ እኮ ዐብረን ራት በልተን ነበር» ሊለን ይችላል። ሲጀምር እንሰማዋለን። አናቋርጠውም፣ «የኔም አባት እንዲሁ ነበር» ብለን ወሬውን ወደ ራሳችን አንወስደውም። ሲያቆም እናቆማለን። ካልመጣም ቅር አንሰኝም፤ መምጣታችንን አይቷል።

ቀን ሲያልፍ ነገሩ ይላላል። ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩ ጎረቤቶች ያወራሉ፣ ካርታም ይጫወታሉ። ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይሆን ነውና ነውር የለውም። ግን ጨዋታውን የሚጀምሩት የቤቱ ሰዎች ወይም ለእነሱ ቅርብ የሆኑት ናቸው። ሐዘንተኛው ፈገግ ካለ እኛም ፈገግ ማለት እንችላለን። እሱ አንገቱን ደፍቶ እኛ የምንስቅ ከሆነ ግን ሰዓቱ ደርሷል፤ መሄድ ነው።

አነሣሥን አለማወቅ

አንድ በአንድ እየተነሡ መውጣት ድንኳኑን ይረብሻል። ዐብረው የመጡ ዐብረው ይነሣሉ። ትልቁ ሰው ቆሞ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ፤ እናንተን ያቆይልን» ይላል፤ ሌሎቹ ዐብረው ይላሉ። ቤተሰቡ «ክፉ አይንካችሁ፣ በደግ ያገናኘን» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ መውጣት ነው። «ቻው» አይባልም፣ «የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ደውሉ» የሚለውም ብዙ አይጠቅምም፤ ሐዘንተኛ አይደውልም። ማገዝ የሚፈልግ በማግስቱ እንጀራና ወጥ ይዞ፣ ጓዳ ላሉት ሴቶች ሰጥቶ መምጣት ይችላል።

ዘግይቶ ሲደርሱ ምክንያት መደርደር

ሳንሰማ ወር፣ ሁለት ወር ያልፋል። ድንኳኑ ተነሥቷል። ዐፍረን ከመቅረት መሄድ ይሻላል፤ ሲሄዱ ግን ብዙዎች ምክንያታቸውን እየዘረዘሩ ግማሽ ሰዓት ያጠፋሉ። ሐዘንተኛው መልሶ አጽናኝ ይሆናል፤ «ግድ የለም፣ ምንም አይደል» እያለ ይቀመጣል። «ዘግይቼ ነው የሰማሁት፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ዝም ማለት በቂ ነው። መንገድ ላይ ድንገት ብንገናኝም ከ«እንዴት ነህ» በፊት የሚቀድመው ይኸው ቃል ነው።

ውጭ አገር ላለ ሐዘንተኛ የምንልከው መልእክትም እንዲሁ አጭር ይሁን። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለች ልጅ የአባቷ መርዶ ብዙ ጊዜ የሚነገራት በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ቤቷ ድረስ ሄዶ ነው። ቀድመን ፌስቡክ ላይ የሟችን ፎቶ ከ«ነፍስ ይማር» ጋር ከለጠፍን፣ መርዶውን ብቻዋን ሆና፣ ምናልባት ሥራ ቦታ ቆማ ታነበዋለች። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ከቅርብ ዘመድ አንዱን «ተረድታለች ወይ?» ብለን እንጠይቅ። «ተረድታለች» እስክንባል ድረስ አንጽፍም፣ አንደውልላትም።