ስለ ዓመት ፈቃድ ኤአይን ስንጠይቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፋ ሠራተኛ ስለ ዓመት ፈቃዱ አስተዳደሩን ከመጠየቁ በፊት ስልኩ ላይ ያለውን ኤአይ ቢጠይቅ ነውር የለውም። መልሱን እንዴት እንደሚመረምር ግን ያስተማረው የለም። ስለ ኤአይ፣ ማለትም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ መሠረታዊ ዕውቀት ለኮምፒውተር ተማሪዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ መሆን የለበትም የምንለው ለዚህ ነው። መልሱ ሲሳሳት ቀኑ የሚጎድለው ከሠራተኛው ነው።

መልሱ ከሕጉ የተገለበጠ ነው ብሎ ማመን

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቻትጂፒቲም ሆነ ጀሚናይ በመሠረቱ ከተማሩት ብዙ ጽሑፍ ተነሥተው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ። ስለዚህ ያወቁትንም ያላወቁትንም በአንድ ዓይነት እርግጠኛ ድምፅ ይናገራሉ። የአማርኛ ጽሑፍ በበይነ መረብ ላይ ጥቂት በመሆኑ ግምቱ በእኛ ቋንቋና በእኛ ሕግ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይደክማል።

ሦስት ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ ስንት ቀን የዓመት ፈቃድ አላት? አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ስለዚህ 17 ቀን ነው። የተሻረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ደግሞ በ14 ቀን ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨምር 16 ይሆን ነበር። አሮጌው ሕግ ከ15 ዓመት በላይ ስለሠራ ብዙ የተጻፈው ስለ እሱ ነው፤ ኤአዩም ወደዚያው ሊያደላ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው፦ መነሻውን 16 ከአዲሱ፣ "በየዓመቱ አንድ ቀን" የሚለውን ከአሮጌው ወስዶ 18 ሊል ይችላል። ለሦስት ዓመት አገልግሎት 18 ቀን የሚል ከሁለቱ በየትኛውም ሕግ የለም፤ አነጋገሩ ግን አያስጠረጥርም።

"እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ማጣራት

ይህ ጥያቄ ማጣሪያ አይሆንም። ኤአይ ጠያቂውን ለማስደሰት ስለሚያዘነብል ትክክለኛውን መልስ ትቶ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ወይም የተሳሳተውን በአዲስ ምክንያት ሊያጠናክር ይችላል። ማጣራት የሚቻለው ከእሱ ውጭ ባለ ሰነድ ነው። አዋጁ የታተመበትን የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይክፈቱ፤ የዓመት ፈቃድን ቀናት የሚወስነው አንቀጽ 77 ነው። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ሕጉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ስለሆነ በድርጅቱ ኅብረት ስምምነት ካለ እሱንም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጠይቆ ማየት ያስፈልጋል፤ የተሻለ ቀን ሊሰጥ ይችላል። ኤአዩ ኢንተርኔት ፈልጎ ማስፈንጠሪያ ቢሰጥም ገጹን ከፍቶ ቁጥሩ እዚያ መኖሩን ማየት ግድ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን መርሳት

"1156/2011" እና "1156/2019" አንድ አዋጅ ናቸው፤ ፊተኛው በእኛ፣ ኋለኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ኤአይ ግን አንዳንዴ ሁለት ሕግ ያደርጋቸዋል፣ ወይም ኋላ የወጣ ማሻሻያ አድርጎ ይተርካል። ሲጠይቁ የአዋጁን ቁጥር ይጻፉ፣ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ይበሉ፣ የተቀጠሩበትንም ወርና ዓመት ይጥቀሱ። "ስንት ቀን ፈቃድ አለኝ?" ብቻ ከተባለ የጎደለውን ራሱ ገምቶ ይሞላዋል።

የሥራ ውሉን ፎቶ አንሥቶ መላክ

ውሉ ላይ ስም፣ ደመወዝ፣ አንዳንዴም የፋይዳ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ሊኖር ይችላል። የተላከው ነገር ከስልክዎ ወጥቶ ወደ ሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር ይገባል፤ ኋላ ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። ለጥያቄው የሚያስፈልገውን አንቀጽ ብቻ ይተይቡ።

አንዴ ስለተሳሳተ ጨርሶ መተው

ይህም ጉዳት አለው፤ የአዋጅ ቋንቋ ለብዙ ሰው ከባድ ነውና። አንቀጽ 77ን ከጋዜጣው ገልብጠው "ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ምንም ሳትጨምር በቀላል አማርኛ አብራራልኝ፤ የጎደለ ካለ ንገረኝ" ቢሉት ዐይኑ ፊት ባለው ጽሑፍ ላይ ስለሚያተኩር የመሳሳት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ለአስተዳደሩ የሚገባ ማመልከቻም በደንብ ያረቅቃል። በረቂቁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ግን ሳይፈርሙ በፊት ከጋዜጣው ጋር ያስተያዩ፤ ከ17 ይልቅ 18 ተጽፎ ከገባ አስተዳደሩ ጥያቄውን በዚያው ሰበብ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል።