ከረጅም ጊዜ በኋላ ስራ የምትፈልጉ፣ ማስታወቂያው ላይ «ዋስ» የሚለውን ፈልጉ

እድሜያችሁ አርባ ምናምን ሆኖ አስር አመት ከስራ ከራቃችሁ፣ ያገኛችሁት ሁሉ ላይ ከማመልከት «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን ማስታወቂያ ለዩ። ካሸር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ስቶር ኪፐር ላይ ነው በብዛት ያለው። እዚህ ቀጣሪው የሚፈራው ንብረት እንዳይጎድልበት ነው፣ ወጣቶቹ ብዙ ጊዜ ዋስ ሲባሉ ይቀራሉ፣ እናንተ ግን ደመወዝተኛ ወንድም ወይ የድሮ ባልደረባ አታጡም።

ኮዬ ፈጬ ያለች ጎረቤቴ 49 አመቷ ነው፣ 14 አመት ቤት ነበረች። ገላን አንድ ፋብሪካ በር ላይ የስቶር ኪፐር ማስታወቂያ አየች፣ «በድጋሚ የወጣ» ይላል፣ ያ ማለት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዙር የሚሆን ሰው አላገኙም ማለት ነው። የድሮ የስራ ልምድ ደብዳቤዋ ላይ ወንድሟ ከመስሪያ ቤቱ ያወጣላትን የደመወዝ ማረጋገጫ ሳትጠየቅ አያይዛ አስገባች፣ ኢንተርቪው ላይ ስለ 14 አመቱ አንዴ ጠይቀዋት ወደ ዋሱ አለፉ፣ ተቀጠረች።

«ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ» የሚል ካለበት ግን ትራንስፖርት አታውጡ። የዋስትናው ውል ላይ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በግልፅ ካልተፃፈ ደግሞ ማንንም አታስፈርሙ።