ብሬከርና ሶኬትን ከፎቶ ስንለይ የሚሠሩ ስህተቶች

«ወንድሜ፣ እንደዚህ ዓይነት አለህ? 63 አምፔር ነው።» መሀል አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስልኩ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት ከነፎቶው ሲደርሰው፣ ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ ያለው ብሬከር 63 አምፔር አይደለም። የላከው ሰው ቁጥሩን በትክክል አንብቧል፤ የተሳሳተው የትኛው ቁጥር ምን እንደሚናገር ነው።

ጎልቶ የሚታየውን ቁጥር አምፔር ነው ብሎ መውሰድ

ብዙ ቤት ውስጥ ባሉ የቻይና ብሬከሮች ፊት ላይ `DZ47-63` የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ የሞዴሉ ስም ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 63 በዚያ ሞዴል የሚሠራው ትልቁ ብሬከር ስንት አምፔር እንደሆነ ይናገራል እንጂ እጃችሁ ላይ ስላለው ምንም አይልም። የ6 አምፔሩም የ40 አምፔሩም ያንኑ `DZ47-63` ተጽፎበት ይወጣል። የቺንት `NXB-63` እንዲሁ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን የሽናይደር `iC60N` ነው። ከደበዘዘ ፎቶ ላይ `C60` ብቻ ተለይቶ ሲታይ 60 አምፔር ይመስላል። እሱም የሞዴል ስም ነው።

ትክክለኛው አምፔር የሚገኘው ብቻውን በቆመ አጭር ጽሑፍ ላይ ነው፦ `C16`፣ `C20`፣ `B10` የመሰለ። ቁጥሩ አምፔሩ ነው። ፊደሉ ብሬከሩ ድንገተኛ የጅረት ጭማሪን ምን ያህል እንደሚታገሥ ይናገራል፤ `B` ከአምፔሩ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስ፣ `C` ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ `D` ከ10 እስከ 20 እጥፍ ሲደርስ ወዲያውኑ ይወርዳል። ስለዚህ `C16` የነበረበት ቦታ `D16` ማስገባት «ያው 16 ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ለማረጋገጥ የሚረዳ አንድ ነገር አለ። የቤት ብሬከሮች የሚሠሩት በታወቁ ቁጥሮች ነው፦ 6፣ 10፣ 16፣ 20፣ 25፣ 32፣ 40፣ 50፣ 63። አልፎ አልፎ 13 ይገኛል። 60 በዚህ ተርታ ስለሌለ፣ ከፎቶ ላይ 60 ያነበበ ሰው የሞዴል ስም አንብቦ ሊሆን ይችላልና ደግሞ ቢያይ ይሻላል።

6000ን ዋት ማድረግ

በትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን `6000` አይቶ «6000 ዋት ይችላል» የሚል አይጠፋም። ይህ ቁጥር ዋት አይደለም። ሽቦና ሽቦ ሲነካካ የሚፈጠረውን ከፍተኛ ጅረት ብሬከሩ ሳይፈነዳ እስከ ስንት አምፔር ድረስ መቁረጥ እንደሚችል ነው የሚናገረው። የ10 አምፔሩም የ32 አምፔሩም `6000` ሊኖርበት ይችላል። ከሥሩ ያለችው ትንሽ 3 ደግሞ ሌላ መለኪያ ናት፤ ሦስት ፌዝ ማለት አይደለም። ፌዙን ለማወቅ ስንት ሽቦ እንደሚገባበት ይቁጠሩ።

የጠፋውን አኃዝ በግምት መሙላት

ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ደንበኛ የላከችውን ፎቶ ልውሰድ። ምጣዱ ላይ ሁለት ሦስት እንጀራ ካወጣች በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል። ፎቶው ላይ አራት ብሬከሮች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ `C16` እንደሆኑ በግልጽ ይነበባል። የምጣዱ ላይ ግን የስልኩ መብራት አንጸባርቆበት `C1` ብቻ ቀርቷል። «ሌሎቹ 16 ናቸው፣ ይሄም 16 ነው፤ ብሬከሩ ስላረጀ ነው፣ በተመሳሳይ ቀይርልኝ» ትላለች።

የጠፋው አኃዝ 0፣ 3 ወይም 6 ነው፤ ከ1 ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ የለም። ምጣዱ 3500 ዋት መሆኑን ከጎኑ ከተለጠፈው አነበበችልኝ። 3500ን ለ220 ቮልት ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ብሬከሩ `C16` ከሆነ ይህን ጭነት መሸከም ነበረበት፤ `C10` ከሆነ ግን ከአቅሙ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ስለተጫነበት ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ይህ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ብሎኑ የላላ `C16`ም ሞቆ እንደዚያው ይወርዳል።

ስለዚህ የስልኩን ፍላሽ አጥፍታ፣ ሌላ ሰው ከጎን በባትሪ እያበራላት፣ ስልኩን ትንሽ አዘንብላ ደግማ እንድታነሳ ነገርኳት። ነጭ ፕላስቲክ ላይ ብርሃን ከፊት ሲመታ ጽሑፉን ይውጠዋል፣ ከጎን ሲመጣ ያወጣዋል። `C10` ነበር።

አሁንም «እንግዲያው ትልቅ ስጠኝ» ማለት አይቻልም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሲከፍተው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ሆነ፣ ብቻውን በቱቦ የሚሄድ፤ `C20` ገባለት። 1.5 ቢሆን ኖሮ ብሬከሩ ባለበት ይቀርና ምጣዱ ወደ ሌላ መስመር ይሄድ ነበር። ይህን ደግሞ ምንም ያህል ጥራት ያለው የፊት ፎቶ አይናገርም።

የጥራት ምልክቱን ማርካ ማድረግ

`CE` ማርካ አይደለም። ሶኬት ላይ የሚገኘው `VDE`ም የጀርመን የፍተሻ ምልክት እንጂ የአምራች ስም አይደለም። `DZ47` ራሱ ብዙ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የሞዴል ስም ስለሆነ «ዲዜድ አርባ ሰባት ማርካ» ብሎ መጠየቅ ሱቅ ውስጥ ሌላ ዕቃ ያሰጣል። የማከፋፈያ ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለው ስም ደግሞ የሳጥኑ ነው፤ ውስጡ ያሉት ብሬከሮች የሦስት የተለያዩ ፋብሪካዎች ሆነው ማግኘት የተለመደ ነው። ማርካውን ከየብሬከሩ ፊት አንድ በአንድ ያንብቡ፣ ፊደል በፊደል። የታወቀ ስም አንድ ፊደል ተቀይሮበት የሚሸጥ ዕቃ ገበያው ላይ አለና።

ሶኬቱን ከፊት ብቻ ማንሳት

ሶኬት ላይ ነገሩ ከብሬከር ይለያል፤ ከፊት ብዙ ጊዜ ምንም አይጻፍበትም። `16A 250V~` የሚለው ክዳኑ ሲነሳ ወይም ከጀርባው ነው የሚገኘው። ፍሬሙ ላይ ያለው ማርካም ከውስጠኛው ዕቃ ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ ክዳኑ ብቻ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ከፊት መለየት ካስፈለገ ቅርጹ ይረዳል። ክብ ጎድጓዳ ሆኖ ከላይና ከታች የብረት ምላስ ያለው ባለ 16 አምፔር ዓይነት ነው። በአሮጌ ቤቶች የሚገኘው፣ ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር የተደረደሩበት የጣሊያን ሶኬት ሁለት ዓይነት አለው፤ ጠበብ ያለው 10፣ ቀዳዳው ሰፋና ራቅ ያለው 16 አምፔር። ሁሉንም ዓይነት መሰኪያ የሚያስገባው «ዩኒቨርሳል» ሶኬት ግን በቅርጹ አይታወቅም፤ ባለ 10 አምፔር ሊሆን ስለሚችል ለምጣድ ከማሰብ በፊት ጀርባውን ማየት ግድ ነው።

ጀርባውን ለማየት ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት የመስመሩን ብሬከር ያውርዱና በቴስተር ያረጋግጡ። የማከፋፈያ ሳጥኑን ውስጠኛ ክዳን ግን ለፎቶ ብለው አይፍቱ፤ ዋናው ብሬከር ቢወርድም ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ ኃይል አለው። የሚነበበው ነገር ሁሉ ክዳኑ እንደተዘጋ ከፊት ይታያል።