የብሎኑ ራስ ከጠንካራ እንጨት ጋር እኩል አልሆን ሲል

የብሎኑ ራስ ከእንጨቱ በላይ ጉብ ብሎ ሲቀር ብዙ ሰው ወዲያው የሚያሰፋው ራሱ የሚያርፍበትን ሾጣጣ ጉድጓድ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነበር። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን በማያየው የታችኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጣውላ ከወፍራም እግር ጋር በ4 በ40 ሚሊ ሜትር ብሎን እያሰርን ነው እንበል።

ብሎኑ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል

ካቻቢቴው የብሎኑን ራስ ይፈጫል፤ ሲብስም አንገቱ ይቆረጣል። ለስላሳ እንጨት ተጨምቆ ለብሎኑ ቦታ ይለቃል፣ ጠንካራው ግን አይለቅም። ስለዚህ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት የሚበሳው መሪ ቀዳዳ ጠብቧል ወይም አጥሯል ማለት ነው። ፑንታውን ከብሎኑ ፊት ይዘው ወደ ብርሃን ያንሱት። ፑንታው የብሎኑን ግንድ ሸፍኖ በግራና በቀኝ ጥርሱ ብቻ መታየት አለበት። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል። ብሎኑ እግሩ ውስጥ 22 ሚሊ ሜትር ስለሚገባ ቀዳዳው ትንሽ ይለፈው፤ ከጣውላው ፊት 43 ሚሊ ሜትር ላይ እንዲቆሙ ፑንታው ላይ ፕላስተር ይጠምጥሙ። ጥርሱን ሻማ መቀባትም ብዙ ያቀላል። የነሐስ ብሎን ከሆነ ግን መጀመሪያ በተመሳሳይ የብረት ብሎን መንገዱን ይክፈቱ፤ ነሐስ ጠንካራ እንጨት ውስጥ ቶሎ ይሰበራል።

ራሱ ሰምጧል፣ እንጨቶቹ ግን አልተገጣጠሙም

ይህን ክፍተት ብሎኑን በማጥበቅ ለመዝጋት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ጥርሱ ሁለቱንም እንጨት ነክሶ ይዟል፤ በአንድ ዙር በሁለቱም ውስጥ እኩል ስለሚጓዝ ክፍተቱ እንዳለ ይቀጥላል። ብሎኑን አውጥተው የላይኛውን ጣውላ ብቻ በ4.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ያስፉ። ብሎኑ በጣት ሲገፋ ማለፍ አለበት። ፑንታው ወደ እግሩ ከዘለቀ ግን ጥርሱ የሚነክሰው ያጣል፤ እዚህም ፕላስተሩ 18 ላይ ይሁን።

የጉድጓዱ ጠርዝ ተሸራርፏል፣ ወይም ራሱ በጠርዙ ብቻ ተቀምጧል

መሸራረፉ የሚመጣው ሾጣጣው ፑንታ በፍጥነት ሲዞርና ሲንቀጠቀጥ ነው። መሰርሰሪያውን በዝግታ እያዞሩ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። ሾጣጣውን ጉድጓድ የሚቆፍሩት መሪው ቀዳዳ ገና ሳይሰፋ ቢሆን ይሻላል፤ ጠባቡ ቀዳዳ ፑንታውን መሃል ላይ ይይዘዋል። ራሱ በጠርዙ ብቻ የሚነካ ከሆነ ደግሞ የሾጣጣውን ማዕዘን ይመልከቱ፦ በሚሊ ሜትር የሚለኩ ብሎኖች ራስ 90 ዲግሪ ሲሆን፣ በኢንች ለሚለኩ የአሜሪካ ብሎኖች የተሠራው ፑንታ 82 ዲግሪ ነው።

ጥልቀቱን ለመመርመር ብሎኑን ገልብጠው ራሱን ከጉድጓዱ አፍ ጋር ያስተያዩ፤ እኩል ሲሆኑ ያቁሙ። አንድ ጊዜ ከጠለቀ መመለሻ የለውም፤ በክብ የእንጨት ውታፍ ከመሸፈን ሌላ አማራጭ አላገኘሁም።